የቀየርነውን የራውተር ፓስወርድ ባለሙያዎ ወደ admin መለሰው

ይድረስ ለኢንተርኔት አገልግሎት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
አዳማ

ክቡር ኃላፊ፣

በመስኮት ጠየቅኩ። በስልክ ጠየቅኩ። በጽሑፍም አስገባሁ። «እናየዋለን» ከተባልኩ ቆየሁ፤ ያየው ሰው ግን የለም። ስለዚህ በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

እናቴ የምትኖረው ፍራንኮ አካባቢ ነው። ግቢዋ ውስጥ ተከራዮች አሉ፤ ዋይፋዩን አብረው ነው የሚጠቀሙት። መስመሩ የገባ ሰሞን የራውተሩን ፓስወርድ ቀየርኩላት። የዋይፋዩን ብቻ ማለቴ አይደለም። የራውተሩ ሴቲንግ የሚከፈትበትን ነው። በስልኳ ብራውዘር 192.168.1.1 ብዬ ስገባ በስሙም በፓስወርዱም ቦታ admin ብሎ መጻፍ በቂ ነበር። ያ ራውተር ስሙን አያስቀይርም፤ ፓስወርዱን ግን ረዘም አድርጌ ለወጥኩት። በደብተሯ ጻፍኩላትና ቡፌው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው።

በኋላ መስመሩ ተበላሸ፤ ባለሙያ ላካችሁ። ባለሙያው የሚያውቀው admin አልገባ አለው። እናቴን ቢጠይቃት ደብተሩን አውጥታ ትሰጠው ነበር። አልጠየቃትም። በስቴፕለር ሽቦ የሪሴት ቀዳዳውን ተጭኖ ያዘ፤ ራውተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ሆነ። የመስመሩን መለያና ፓስወርድ መልሶ አስገባ፣ ኢንተርኔቱ ሠራ፣ ሄደ። የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ እንደ ድሮው ስላደረገው ቤት ያለ ሰው ምንም የተለወጠ ነገር አላየም። የሴቲንጉ በር ግን እንደገና admin እና admin ሆኗል።

ከሳምንታት በኋላ እናቴ ደወለች። «የባንኩን ገጽ ልከፍት ስል ስልኩ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያሳየኛል፤ አልፌው ልግባ ወይ?» አለችኝ። እንዳትገቢ አልኳትና ሄድኩ። ዋይፋዩን አጥፍቼ በሞባይል ዳታ ስሞክረው ገጹ ያለ ችግር ተከፈተ። በዋይፋይ ሲሆን ማስጠንቀቂያው ይመጣል። በጎረቤት ስልክም ሞከርኩት፤ ያው ነው። ስለዚህ ችግሩ ስልኳ ላይ ሳይሆን ራውተሩ ላይ ነበር።

ሴቲንጉን ከፍቼ ዲኤንኤስ የሚለውን ቦታ አየሁ። ዲኤንኤስ ማለት የድረ ገጹን ስም ስንጽፍ ገጹ ያለበትን ኮምፒዩተር አድራሻ የሚነግረን አገልግሎት ነው። በዚያ ቦታ የእናንተ አድራሻ መግባት ሲገባው የማናውቀው ቁጥር ተሞልቷል። የባንኩን ስም በትክክል ብትጽፍም ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳት ነበር ማለት ነው። ያዳናት ብራውዘሩ የገጹ ማረጋገጫ ከባንኩ ስም ጋር አልገጥም ብሎት ማስጠንቀቁ ነው። ማስጠንቀቂያውን አልፋ ብትገባ ኖሮ ስሟንና ፓስወርዷን አስረክባ ነበር።

ማን እንደለወጠው አላውቅም፤ ማንንም አልከስም። ዋይፋዩን ያገኘ ሰው ሁሉ ሊያደርገው ይችላል፤ በአንድ ስልክ ውስጥ የገባ መጥፎ ፕሮግራምም ይበቃል። ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ፈቃድ ሰርስሮ የገባን የሚቀጣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለን፤ ይህን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። ግን በሩን ከፍቶ የሄደው የእናንተ ባለሙያ ነው። የኛን ቁልፍ ፈትቶ፣ ሳይነግረን።

መሥሪያ ቤትዎ ሄጄ ስናገር የተሰጠኝ መልስ «አሠራራችን ነው፣ ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ካልሆነ ለባለሙያ ያስቸግራል» የሚል ነው። ለባለሙያው እንዲቀለው የከተማው ቤት ሁሉ በአንድ ቁልፍ ይከፈት? እንግሊዝ አገር ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ለሁሉም አንድ የሆነ ፓስወርድ የተሞላበት ከኢንተርኔት የሚገናኝ የቤት መሣሪያ ለገበያ ማቅረብ በሕግ ተከልክሏል። እኛ ደግሞ ደንበኛው ራሱ የለወጠውን ወደ ኋላ እንመልሳለን።

ሪሴት አታድርጉ አልልም። አንዳንዴ ግድ ነው፤ ፓስወርዱ የጠፋበት ቤትም አለ። ግን ቀዳዳውን ከመጫናችሁ በፊት የቤቱን ሰው ጠይቁ። ከተጫናችሁ ደግሞ ባለሙያው ከመውጣቱ በፊት ደንበኛው ፊት አዲስ ፓስወርድ ያስገባ፣ በወረቀት ጽፎ ይስጥ፣ ዲኤንኤሱንም አይቶ ይሂድ። ደቂቃዎች የሚወስድ ሥራ ነው። በጥገና ፎርማችሁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩና ደንበኛው ይፈርምበት።

የእናቴን ራውተር እኔ አስተካክያለሁ። የምጠይቅዎ ያ ባለሙያ በዚያ ሰሞን ሪሴት ያደረጋቸውን ሌሎች ቤቶች ነው። የጥገና መዝገቡ በእጃችሁ ነው። ደውላችሁ ንገሯቸው። ለእኔም በጽሑፍ መልስ ስጡኝ።

ከአዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ
አንድ ደንበኛችሁ