ድመታችሁ አፏን ከፍታ ካለከለከች፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን እንደምን ከረማችሁ፣ ከብቱም ዶሮውም ደህና ነው? ሚያዝያ ላይ ባህር ዳር እንዴት እንደምታቃጥል ታውቁታላችሁ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ያላችሁትም እንደዛው ናችሁ። ሱቃችን የምትመጡት ብዙ ጊዜ ለከብት መድኃኒትና ለዶሮ መኖ ነው፣ እህሉን ከአይጥ የምትጠብቀዋን ድመት ግን ማንም አይጠይቅላትም፣ እሷም ታምማ እንኳን አትናገርም፣ ጥግ ገብታ ዝም ነው የምትለው። በዚ ሙቀት ደግሞ እሷም ትጎዳለች፣ ስለዚ ዛሬ ስለሷ ብቻ እንጻፍላችሁ ብለናል።

መጀመሪያ ይሄን ያዙልን፣ ድመት ሙቀት አትፈራም። እንደልቧ የምትንቀሳቀስ ከሆነች አልጋ ስር ትገባለች፣ ማንጎ ጥላ ስር ትተኛለች፣ የቀዘቀዘ ሲሚንቶ ፈልጋ ሆዷን ትዘረጋለች። የሚጎዳት የተዘጋ ቦታ ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ መጋዘን፣ መስኮቱ የተዘጋ የቆመ መኪና፣ ወይ ደግሞ ከአዲስ አበባ ስትመጡ አባይ በረሃ ላይ በሚኒባስ ወንበር ስር ያለ ካርቶን። ድመት እንደኛ ሰውነቷን ሙሉ አያልባትም፣ የሚያልባት መርገጫዋ ላይ ብቻ ነው፣ ሌላው መቀዝቀዣዋ ፀጉሯን እየላሰች ምራቋ ሲተን ነው። የታፈነ ቤት ውስጥ አየሩ ራሱ ከሷ በላይ ከሞቀ ያ ሁሉ ምንም አይረዳትም።

አንድ ደንበኛችን ላይ የሆነውን እንንገራችሁ። ጤፍ መጋዘናቸው ውስጥ ማታ ድመቷን አይጥ እንድትይዝ ከተዋት፣ ጠዋት በሩን ሳይከፍቱ ገበያ ሄዱ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ሲመለሱ ድመቷ በሩ ስር ተለጥፋ አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ታለከልካለች፣ ለሃጯ ይንጠባጠባል፣ ድዷ ደሙ የመጣ ያህል ቀይ ነው፣ ሲያነሷት ደግሞ እየተንገዳገደች ወደቀች። ደውለውልን ወዲያው ወደ ጥላ አውጧት አልናቸው፣ ልጃቸው ሮጦ ቴርሞሜትር ወስዶላቸው ሲለኳት 41 ዲግሪ አሳየ። የጤነኛ ድመት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ያለ ነው፣ ስለዚ የሰው 37 ለምዳችሁ 38 ተኩል ስታዩ አትደንግጡ፣ ከ40 ሲያልፍ ግን ቀልድ የለም። አለካኩ ጫፉን ቫዝሊን ቀብቶ በፊንጢጣ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ማስገባት ነው፣ አንድ ሰው ከፊት በፎጣ ይይዛታል፣ ዲጂታሉ ቴርሞሜትር ይሻላል ምክንያቱም የብርጭቆው ስትወራጭ ሊሰበር ይችላል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ግን ፍለጋ ጊዜ አታባክኑ፣ ምልክቱን አይታችሁ ማቀዝቀዝ ጀምሩ።

ምልክቶቹ ቀስ ብለው ነው የሚመጡት። መጀመሪያ ትቁነጠነጣለች፣ ቦታ ትቀያይራለች፣ ራሷን አብዝታ ትልሳለች፣ ሲሚንቶ ላይ የረጠበ የእግር አሻራ ትታ ትሄዳለች። ቀጥሎ ነው አፍ መክፈቱ የሚመጣው። ውሻ ሲያለከልክ ኖርማል ነው፣ ድመት ግን እንደዛ አይደለችም፣ ስትሮጥ ስትጫወት ቆይታ ወይ መኪና ውስጥ ፈርታ ለትንሽ ደቂቃ ልታለከልክ ትችላለች፣ ካረፈች በኋላም ካላቆመች ግን ድንገተኛ ነገር ነው። ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ መንገዳገድ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት ከመጣ፣ ወይ ቀይ የነበረው ድድ ገርጥቶ ወይ ሰማያዊ ከሆነ በጣም ዘግይቷል ማለት ነው።

ያቺን ድመት እንዲህ ነበር ያቀዘቀዟት። የቧንቧ ውሃ፣ በረዶ አይደለም፣ በጆግ ቀድተው ሆዷን፣ ብብቷን፣ የኋላ እግሮቿን መሀልና መርገጫዋን አራሷት፣ ፀጉሯን በጣት እየከፈሉ ውሃው ቆዳዋ ጋ እንዲደርስ አደረጉ ምክንያቱም ላዩ ብቻ ከረጠበ ጥቅም የለውም። ከዛ ቬንቲሌተር አበሩባት፣ መብራት ቢጠፋ ኖሮ በካርቶን ማራገብም ይሆናል፣ ሙቀቱን የሚወስድላት እርጥበቱና ነፋሱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። እርጥብ ፎጣ ከስሯ አነጠፉላት፣ መጠቅለል ግን አይሆንም፣ ከላይ ከተጠቀለለ ፎጣው ራሱ ይሞቅና ሙቀቱን ውስጥ ያፍነዋል። በየአምስት ደቂቃው እየለኩ 39 ተኩል ሲደርስ ውሃውን አቁመው አደረቋት። ይሄን የሚረሳው ሰው ብዙ ነው፣ እሱ ላይ ካላቆማችሁ ሙቀቷ በዛው ቁልቁል ይቀጥልና ደግሞ በብርድ ትጎዳለች።

በረዶ ውሃ ያልፈለግነው ቆዳዋ ላይ ያሉት የደም ስሮች ተጨማድደው ሙቀቱ ከውስጥ እንዳይወጣ ስለሚይዙት ነው፣ ከዛም በላይ ያንቀጠቅጣታል። ሳፋ ውስጥ መንከርም ይቅር፣ ደንግጣ ትወራጫለች፣ መወራጨት ራሱ ያሞቃታል። የደከመች ድመት አፍ ውስጥ ውሃ በስሪንጅ አታፍስሱ፣ ሳንባዋ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ በሳህን አስቀምጡላትና ራሷ ከፈለገች ትጠጣ። አረቄም ሆነ አልኮል አትቀቧት፣ በቆዳዋ ይገባል፣ ትልሰዋለችም።

ከሁሉም ይልቅ ግን እባካችሁ ፓራሲታሞል አትስጧት። ሱቅ መጥታችሁ ‹ትኩሳት ይዟታል› ስትሉን የምንፈራው ይሄን ነው። የድመት ጉበት ይሄን መድኃኒት እንደኛ አያጣራውም፣ ግማሽ ፍሬ እንኳን ደሟን አበላሽቶ ሊገድላት ይችላል። ደግሞ ይሄ ትኩሳት አይደለም፣ ሙቀቱ ከውጭ የገባ ስለሆነ የትኩሳት ኪኒን ምንም አያወርደውም።

መጋዘን ላይ አንድ ሌላ ነገርም አለ። እህሉ ላይ ማላታዮን ነስንሳችሁ ከሆነ፣ ወይ የአይጥ መርዝ አስቀምጣችሁ ከሆነ ለሃጭና መንቀጥቀጡ ከመርዙም ሊሆን ይችላል። ሙቀቷን ስትለኩ ኖርማል ከሆነ፣ ወይ የዓይኗ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ መርዙን ጠርጥሩ፣ ፓኬቱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። የፎስቶክሲን ኪኒን የተቀመጠበት ቤት ከሆነ ግን ነጭ ሽንኩርት ወይ የበሰበሰ ዓሳ የሚመስል ሽታ ባይሸታችሁም እንኳን ለድመት ብላችሁ አትግቡ፣ ጋዙ ሰውም ይገድላል፣ በሩን ከውጭ ከፍታችሁ ራቁ።

ድመቷ ተነስታ መሄድ ብትጀምርም የእንስሳት ሐኪም ይያት። ኩላሊቷና አንጀቷ የሚጎዳው በኋላ ነው፣ ደሟም የመርጋት አቅሙን ሊያጣ ይችላል፣ ይሄ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ድረስ ነው የሚታየው። ሽንት ካልሸናች፣ ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ ከመጣ፣ ድዷ ላይ ወይ ሆዷ ላይ እንደ መርፌ ውግ ያሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ካያችሁ አትጠብቁ። ክሊኒክ ሩቅ ከሆነ መጀመሪያ አቀዝቅዟት፣ ከዛ እርጥቧን መስኮቱ በተከፈተ መኪና ውሰዷት፣ ቀድሞ መንገድ ላይ መሮጥ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይጨርሳታል። የኛዎቹ ደንበኞች ድመት በማግስቱ ደም ቀላቅላ ስላስቀመጠች ሐኪሙ ሁለት ቀን ግሉኮስ ሰጣት፣ ዳነች።

አሁን መጋዘናቸው በር ስር ድመት የምታልፍበት ቀዳዳ ከፍተዋል። እናንተም ኮርኒስ የሌለው ቤት ካላችሁ በዚ ሰሞን ጠዋት ጠዋት በሩን ሳትከፍቱ አትውጡ፣ ውሃ በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ወፍራም፣ ያረገዘች፣ ያረጀች፣ ወይ አፍንጫዋ ጠፍጣፋ የሆነ የፈረንጅ ድመት ካለቻችሁ ከሌላው ቀድማ ነው የምትጎዳው።

ዲጂታል ቴርሞሜትር ሱቅ አለን፣ አለካኩን መጥታችሁ እናሳያችኋለን፣ ድመት አለከለከች ብላችሁ በማንኛውም ሰዓት ብትደውሉም እናነሳለን።

የሱቁ ልጆች፣ ባህር ዳር