ቤቱ ሊሸጥ ነው፤ ተከራዩ ከማን ይስማ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ተከራይ የሚኖርበት ቤት ሊሸጥ መሆኑን የሚሰማው ከደላላ ነው። በር ይንኳኳል፤ ደላላው ሁለት ሰው አስከትሎ «ቤት ለማየት ነው» ይላል፤ የቤቱ እመቤት እጇን ሊጥ እንደነካ ታስገባቸዋለች። እኔ አከራይ ነኝ። ገርጂ ያለውን ቤቴን ለመሸጥ ስነሳ ከተከራዬ ጋር እንዴት እንደተነጋገርን ለሌሎች አከራዮች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። የእኛ ውል የሚያልቀው ሰኔ 30 ነው። ለተከራዬ ግን ገና በታኅሣሥ፣ ለደላላ ትንፍሽ ሳልል በፊት ነገርኩት። ውሉ ብዙ ጊዜ የቀረው አከራይ፣ ቤቱን ስለሸጠ ብቻ ተከራዩን በማግስቱ ውጣ ማለት እንደማይችል ይወቅ፤ ውሉን ይዞ ወረዳው ዘንድ ጠይቆ ቢነሳ ይሻለዋል።

ተከራዬ በመጀመሪያ አላመነኝም፤ አልፈርድበትም። የኪራይ ጭማሪ በሕግ ከተገደበ ወዲህ «ልሸጠው ነው» የሚለው ነገር ነባሩን አስወጥቶ በላቀ ዋጋ ለማከራየት መሸፈኛ የሆነበት ቤት አለ። ስለዚህ በቃል የነገርኩትን በወረቀት ደገምኩት። ዋናው እንዲህ ይላል፦

«ቤቱን ለሽያጭ አቅርቤዋለሁ። ውላችን እስከሚያልቅበት እስከ ሰኔ 30 ድረስ ማንም አያስወጣዎትም። ቅድሚያ የከፈሉት የሁለት ወር ኪራይ ለግንቦትና ለሰኔ ይታሰባል። ከዚያ በፊት ቤት ካገኙ የአንድ ወር ጊዜ ሰጥተውኝ መውጣት ይችላሉ፤ ያልኖሩበትን እመልሳለሁ። ገዢ የሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ ከዋዜማው እደውልልዎታለሁ። ደላላ ያለ እኔ አይገባም፣ ቁልፍም አይሰጠውም። የቤተሰብዎ ዕቃ ያለበት ክፍል ፎቶ አይነሳም።»

ይህን ጽፌ ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር። ቤቱን ሊገዛ የተስማማው ሰው ግን በባንክ ብድር የሚገዛ ሆነ። ባንኩ ከማበደሩ በፊት መሐንዲስ ልኮ ቤቱን ያስገምታል፤ መሐንዲሱ ደግሞ በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ነው የሚመጣው። እንደ ገዢ ሳሎን አይቶ አይመለስም፤ እየለካ መኝታ ቤት፣ ሽንት ቤት፣ ሰርቪስ ሳይቀር ይገባል። ተከራዩ ይህን አስቀድሞ ካልሰማ ቤቱ የተወረረ ይመስለዋል። ወረቀቱ ላይ በእጄ አንድ መስመር ጨመርኩበትና ሁለታችንም ፈረምን።

ሌላው ደግሞ ገዢዎች ተከራዩን ለብቻው ነጠል አድርገው የሚጠይቁት ነገር ነው። «ውሃ በሳምንት ስንቴ ይመጣል? ክረምት ላይ ጣሪያው ያፈሳል?» ይሉታል። ደላላው ተከራዬ «ሁሌም ይመጣል» እንዲላቸው ፈልጎ ነበር። ተከራዬን ያየኸውን ተናገር፣ ዋጋውን ግን ለእኔ ተወው አልኩት። ፈረቃውን በግልጽ ነገራቸው፤ አንዱ ቀረ፣ ሌላው ሮቶውን አይቶ ዋጋ ተከራከረ።

ትልቁ ጣጣ ያለው ግን ገዢውና ሻጩ በሚዋዋሉት የሽያጭ ውል ውስጥ ነው። ገዢ ሁሉ ባዶ ቤት ይፈልጋል፤ የመጨረሻውንም ክፍያ ቁልፍ እስኪረከብ ይይዛል። ሻጩ ቀብዱን ለመቀበል ሲቸኩል «በወር አስረክባለሁ» ብሎ ይፈርማል፤ ቢዘገይ መቀጮ አለበት። «በሁለት ሳምንት ውጣ» የሚለው ቁጣ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ፊርማ ነው። ተከራዩ ያላየው ወረቀት ላይ የእሱ መውጫ ቀን ተቆርጧል።

እኔ ውልና ማስረጃ ሄደን ስንፈራረም የርክክቡን ቀን ሐምሌ 15 አስደረግኩ። ገዢው መጋቢት ላይ ልግባ ብሎ ነበር። የተከራዬ ልጅ ግን የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ የሚኒስትሪ ፈተና ሳያልቅ ቤተሰቡን ማንቀሳቀስ አልፈለግኩም። ከዋጋው ትንሽ ቀነስኩለትና ተስማማን። ከሰኔ 30 እስከ ሐምሌ 15 ያለው ጊዜ የውሃና የመብራት ሒሳብ ለመዝጋት፣ የተሰበረ ካለ ለማስጠገን ነው፤ ተከራዩ ሁለት ቀን ቢያዘገይ እንኳ እኔን መቀጮ ውስጥ አይከተኝም።

ወረዳዎች የኪራይ ውል ሲመዘግቡ የሚቀበሉት ውል ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨመር ደስ ይለኛል፦ ቤቱ ለሽያጭ ቢቀርብ ገዢ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚገባ፣ ከስንት ሰዓት በፊት እንደሚነገር፣ ማን አብሮ እንደሚመጣ። ሲዋዋሉ ሁለቱም ወገኖች ልባቸው ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ በዚህ መስማማት ደቂቃም አይፈጅም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አከራይ፣ ከገርጂ