ጉዳዩ፦ ስለ ቡና መጋዘን ቦታ ጥናት ለአራተኛ ጊዜ የቀረበ ቅሬታ

ለአማካሪ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ጅማ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ውሉም ያለፉት ሦስት ደብዳቤዎቼም እጅዎ ላይ ስላሉ አልደግማቸውም። የምጽፈው ስለ ሐሙሱ ስልክ ነው።

ባለሙያዎ መጋዘኑ የሚሠራበትን ነጥብ ካርታ ላይ ምልክት አድርጎ ሲልክልኝ «ከመወሰናችን በፊት መሬቱን ረግጠን እናያለን» ብሎኝ ነበር። አንድም ቀን ብቅ አላለም። ሐሙስ ዕለት ራሴ በሞተር ሄድኩ። ከአስፋልቱ ወርጄ ጭቃው ሞተሩን ሲይዝብኝ በእግሬ ቀጠልኩ። ነጥባችሁ ያረፈው ረግረግ ላይ ነው! የመብራት ምሰሶ እንኳ ባካባቢው የለም፤ የመፈልፈያ ማሽኔን በምን ላንቀሳቅስ ነው? እዚያው ቆሜ ደወልኩለት። «ጋሼ፣ ሂሳብ አይዋሽም» አለኝ። ረግረግ መሆኑን ብነግረው «እሱ ከሞዴሉ ውጭ ነው» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

እሺ፣ ወደ ሂሳቡ እንምጣ። ጅማን ዜሮ አድርጋችሁ አጋሮን 27 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብና 20 ወደ ሰሜን፣ ሰቃን 12 ወደ ምዕራብና 8 ወደ ደቡብ፣ ዴዶን 4 ወደ ምሥራቅና 17 ወደ ደቡብ አስቀመጣችሁ። እያንዳንዱን በሳምንታዊ ጭነቱ፣ ማለትም በ6፣ በ3 እና በ1 አይሱዙ አባዛችሁ፤ ድምሩን ለ10 አካፈላችሁ። 19.4 ወደ ምዕራብ፣ 7.9 ወደ ሰሜን ወጣ። ማካፈሉ ላይ ስህተት የለም። ነገር ግን ይህ አማካይ የሚያሳንሰው ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ የሚመጣውን ድምር ነው፤ ስለዚህ ዴዶ ሩቅ በመሆኗ ብቻ በአንድ አይሱዙ ነጥቡን ወደ ራሷ ትጎትታለች። እኔ ነዳጅ የምከፍለው ግን በተራ ኪሎ ሜትር ነው። በቀጥታ መስመር እንኳ ብትለኩት መኪኖቹ ወደ ነጥባችሁ ሲመጡ በሳምንት 173 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ መጋዘኑ አጋሮ ላይ ቢሆን 144። ከግማሽ በላይ ጭነቱ ከአንድ ቦታ ከመጣ አነስተኛው ድምር እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ደግሞስ የተፈለፈለው ቡና ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው በጅማ አይደለም? እሱን ጨርሶ አልቆጠራችሁትም። ቢቆጠር አጋሮም ላይሆን ይችላል፤ ያንን ማወቅ የተከፈላችሁበት ሥራ ነበር።

በመጀመሪያው ደብዳቤ የጠየቅሁት አንድ ቀን መጥታችሁ እንድታዩ ብቻ ነበር። አሁን በአሥር ቀን ውስጥ የሚወጣውን ጭነት ጨምራችሁ፣ በመንገድ ኪሎ ሜትር፣ ቦታውንም አይታችሁ ጥናቱን እንድትሠሩት፣ የክፍያውንም ግማሽ እንድትመልሱ እጠይቃለሁ። ካልሆነ ሙሉውን በፍርድ ቤት እጠይቃለሁ።

ሪፖርቱ ሦስት ሳምንት መዘግየቱንና ሽፋኑ ላይ ስሜ ተሳስቶ መጻፉን በትዕግሥት አልፌዋለሁ። የከፈልኩበትን ደረሰኝ ግን እስካሁን አላገኘሁም፤ ስትመጡ ይዛችሁልኝ ኑ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ፣ የቡና ነጋዴ