የመስፍኑ ክስ

ጅማ፣ ነሐሴ መጨረሻ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልህ መቅረቴ ሲከነክነኝ ነበርና ይቅርታህን እለምናለሁ። ሰሞኑን የጅማ ዝናብ ከቤት አላስወጣ ቢለኝ፣ ተማሪዎች ሳለን የተከራከርንበትን የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የሮበርት ብራውኒንግን «ማይ ላስት ዳቸስ» እንደገና አነበብሁ። እ.ኤ.አ. በ1842 የታተመው ይህ ግጥም 56 ስንኞች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚናገረው የኢጣሊያዊቷ ከተማ የፌራራ መስፍን ብቻ ነው። መስፍኑ በመጋረጃ የተሸፈነውን የሟች ሚስቱን ሥዕል ለአንድ እንግዳ እየገለጠ ያሳያል።

ያን ጊዜ እኔ መስፍኑን አምኜ፣ ሴትዮዋ ባሏን የናቀች ናት ብዬህ ነበር። አሁን ግን ክሱን አንድ በአንድ በወረቀት ላይ አሰፈርሁት። ጀምበር ስትጠልቅ ትደሰት ነበር፤ አንድ ሰው ከአትክልቱ ቦታ የቼሪ ቅርንጫፍ ቆርጦ ቢያመጣላት ፊቷ ይፈካ ነበር፤ ነጭ በቅሎዋም ታስደስታት ነበር። ክህደትን የሚያስረዳ አንድም ነገር አላገኘሁም። እርሱን ያስቆጣው፣ የሰጣትን የ900 ዓመት የዘር ስም ከማንም ስጦታ ጋር እኩል ማየቷ ነው። ሊከሳት ተነሥቶ ደግነቷን መሰከረላት፤ ትዕቢቱንም በገዛ አንደበቱ አወጣው።

በቅኔ ቢሆን ሰሙንም ወርቁንም የሚያውቀው ተናጋሪው ባለቅኔ ነው። እዚህ ግን ሰሙ የመስፍኑ፣ ወርቁ የገጣሚው ነው፤ መስፍኑ የተሸከመውን አያውቅም። ለዚህ ነው «እኔ» የሚለውን ቃል እንዳየን ገጣሚው ራሱ የተናገረ አድርገን ስንወስድ የምንሳሳተው።

እንግዳው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ግጥሙ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ለመስፍኑ ልትዳር የታሰበችው ልጃገረድ አባት የላከው መልእክተኛ ነው። መስፍኑ በመጀመሪያ የልጅቱ አባት ስለሚሰጠው ጥሎሽ ያነሣል፤ የሚሻው ልጅቱን ራሷን እንደሆነ የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ከላይ ጀምሬ ደግሜ ለማንበብ ተገደድሁ። ትእዛዝ እንደሰጠና የሚስቱ ፈገግታ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደቆመ የሚናገርበት ስንኝ ያስደነገጠኝም በዚህ ሁለተኛ ንባብ ነው። ትእዛዙ ምን እንደነበር አይገልጽም። ነገሩን ለአዲሲቱ ሙሽራ ሆን ብሎ የላከው ማስጠንቀቂያ ነው የሚሉ አንባቢዎች አሉ፤ አባባላቸውም የሚናቅ አይደለም። እኔ ግን ማስፈራራቱን ቢያውቅ እንኳ፣ በፈገግታ የሚቀና ትንሽ ሰው መሆኑ እንደሚታይበት አያውቅም እላለሁ።

በመጨረሻ ደረጃውን ሲወርዱ፣ የባሕር ፈረስ የሚገራ የባሕር አምላክ የኔፕቱን የነሐስ ምስል ለእንግዳው ያሳየዋል፤ ስለ ሚስቱ በተናገረበት በዚያው ድምፅ። ምስሉን በዚያ ቦታ ያነሣው ሳያስበው ይመስልሃል? ይህን ጽፈህ ላክልኝ።

የዘወትር ወዳጅህ