የፕሮግራሚንግ ክበብ፦ ሰባት ካርቶን በሦስት ዙር

ክበባችን በ2017 ዓ.ም. ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሲገናኝ ከርሟል። እስከ ታኅሣሥ የሠራነው የወትሮውን ስለሆነ አልፈዋለሁ። ልዘግበው የምፈልገው ጥር ላይ ያቀረብሁላቸውንና አምስት ሳምንት የፈጀብንን አንድ ጥያቄ ነው።

የመጻሕፍት ካርቶኖች በመለያ ቁጥራቸው ተራ ከመጋዘን ወደ ቤተ መጻሕፍት ይወሰዳሉ። ክብደታቸው በተራ 9፣ 4፣ 6፣ 11፣ 5፣ 8 እና 3 ኪሎ ነው። ተራው ሳይዛባ ሥራው በሦስት ዙር እንዲያልቅ ጋሪው ቢያንስ ስንት ኪሎ መቻል አለበት?

ተማሪዎቹ ወዲያው ክብደቶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደሩ። መካከሉን እያየ ግማሹን እየጣለ የሚፈልገው ባይናሪ ሰርች የተደረደረ ዝርዝር ካላገኘ አይሠራም ብዬ ያስተማርኋቸው እኔው ስለሆንሁ ልቆጣቸው አልቻልሁም። የምንፈልገው ግን ካርቶን ሳይሆን የጋሪውን አቅም ነው። አቅሙ ከ11 አያንስም፤ ከባዱን ካርቶን መሸከም አለበትና። ከ46 በላይም አያስፈልግም፤ በ46 ሁሉም በአንድ ዙር ያልቃል። በመካከል ያለውን እያንዳንዱን አቅም «ሦስት ዙር ይበቃሃል?» ብንለው፣ መልሱ እስከ አንድ ቦታ «አይበቃኝም»፣ ከዚያ ወዲያ ሁሉ «ይበቃኛል» ይሆናል፤ ትንሹ ጋሪ የቻለው ትልቁን አያቅተውም። የተደረደሩት እነዚህ መልሶች ናቸው።

```python
lo, hi = max(w), sum(w)
while lo < hi:
    mid = (lo + hi) // 2
    if trips(w, mid) <= 3:
        hi = mid
    else:
        lo = mid + 1
print(lo)
```

`w` የክብደቶቹ ዝርዝር ነው፤ `trips` ጋሪውን እስከቻለ ድረስ በተራ እየሞላ ዙሮቹን ይቆጥራል። በመጀመሪያ 28 ተሞከረ፤ ሁለት ዙር በቃው። 19 ሦስት ዙር፣ 15 አምስት፣ 17 ሦስት፣ 16 አራት ዙር ፈጀባቸው። ስለዚህ መልሱ 17 ነው፦ መጀመሪያ 9 እና 4፣ ቀጥሎ 6 እና 11፣ በመጨረሻ 5፣ 8 እና 3።

አንደኛው ቡድን በ`<=` ፋንታ `==` ጽፎ ነበር። 28 በሁለት ዙር ስለጨረሰ ፕሮግራሙ እንደማይችል ቆጠረው፤ ወደ ላይ እየሸሸ ሄዶ 46 ብሎ አረፈ። ሌላው ቡድን `+ 1`ን ረሳ። `lo` 16፣ `hi` 17 ላይ ሲደርሱ መካከላቸው ሁልጊዜ 16 ስለሚሆን ኮምፒውተሩ ምንም ሳይናገር ቀረ። ልጆቹ ማሽኑ አርጅቷል ብለው ሁለት ጊዜ አጠፉት። `lo` እና `hi`ን ፍለጋው በተደገመ ቁጥር እንዲያሳትሙ ባደርጋቸው ግን «16 17» የሚለው መስመር ማያ ገጹን ሞላው።

ሰኔ ላይ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ በ16 ኪሎ ጋሪም ይቻላል ብላ መጣች፦ 11 እና 5፣ 9 እና 6፣ 8፣ 4 እና 3። ልክ ናት፤ ተራውን ግን አፍርሳዋለች። ተራው ባይጠበቅም «ይበቃኛል» እና «አይበቃኝም» እንደ ተደረደሩ ስለሚቆዩ ፍለጋው ያው ነው፤ የሚቸግረው `trips` ነው። በእጅ እንደመጣ መሙላት አያዋጣም፤ ካርቶኖቹ ሲበዙ ደግሞ አመዳደቡን ሁሉ መሞከር አይቻልም። እስከ ትምህርት መዝጊያ ሰሌዳው ላይ የቀረው የእርሷ ሥዕል ነበር።