ስለ ሱሁርና ስለ ውሃ

አሰላሙ ዐለይኩም የጀመዓችን አባላት፣

ባለፈው ረመዳን ለሱሁር የተረፈ ጥብስ በአዋዜ በላሁ። አዛን ሊል ሲል አንድ ጆግ ውሃ ገለበጥኩበት። ጠዋት ሁለቴ ሽንት ቤት ተመላለስኩ። 4 ሰዓት ላይ አፌ ደርቋል! ሰውነት በአንዴ የገባለትን ውሃ አያጠራቅምም፣ ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል። ጨው የበዛበት ምግብ ደግሞ ጥማት ይጠራል።

አሁን ውሃውን ከፋፍዬ ነው የምጠጣው። ሳፈጥር ከተምሩ ጋር 2 ብርጭቆ፣ ከዚያ ሾርባ። ከተራዊህ በፊትና በኋላ እስክተኛ ድረስ 4 ብርጭቆ። ለሱሁር 2። ድምሩ ወደ 2 ሊትር ይመጣል። ሳምቡሳው ይቅር አልልም፣ ግን ከሾርባው በኋላ፣ አንድ ሁለት ይበቃል።

ለሱሁር የገብስ ገንፎ ከእርጎ ጋር፣ አንድ እንቁላልና ሙዝ ይዞኝ ይውላል። ገብስ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው። ነጭ ዳቦ በጣፋጭ ሻይ ግን ቶሎ ያስርባል።

ጅማ ተቀምጠን ቡና ተዉ ማለት አይቻልም። ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከሰዓት የሚፈልጠን ራስ ምታት ብዙውን ጊዜ የቡና ሱስ ነው። ከጾሙ ሳምንት በፊት ከሦስት ሲኒ ወደ አንድ ውረዱ። በጾሙ አንዷን ካፈጠራችሁ በኋላ ጠጡ፣ ካመሸ ግን እንቅልፍ ትነሳለች።

ሽንታችሁ እንደ ሻይ ከጠቆረ ማታ ውሃ ጨምሩ። ስትነሱ ዓይናችሁን ካጨለመባችሁና ከተዝለፈለፋችሁ አፍጥሩ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ጾሙ ሳይገባ ሐኪማችሁን አነጋግሩ።