በእምዬ ቀብርና አርባ ለቆማችሁልን ሁሉ

የአያታችንን የእምዬን ቀብርና አርባ አብራችሁን ላሳለፋችሁ ሁሉ፣ በልጆቿና በልጅ ልጆቿ ስም ከልብ እናመሰግናለን። በሐይቅና በዙሪያዋ ያላችሁ ጎረቤቶቻችን፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ከአዲስ አበባ ሌሊቱን ስትጓዙ አድራችሁ ለቀብሩ የደረሳችሁ ወዳጆች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ አላህ ይስጥልን። እምዬ ዕድሜ ጠግባ ነው ያረፈችው። ሐዘኑ ግን በዕድሜ አልቀለለልንም። ያቀለላችሁልን እናንተ ናችሁ።

ቅሬያችንን ከሁሉ ቀድመን እናመሰግናለን። ጥሩምባው ጎህ ሳይቀድ ተነፍቶ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። እኛ ገና ምን እንደምናደርግ ሳናውቅ ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ እንጨቱ ተፈልጦ፣ ንፍሮው ተጥዶ አገኘነው። የወሎን ቅሬ ለማያውቅ ሰው ይህ ይገርመው ይሆናል። ቅሬ ሃይማኖት አይለይም። ክርስቲያኑ ሲሞት ሙስሊሙ አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣል፤ ሙስሊሙ ሲሞት ደግሞ ክርስቲያኑ። የእምዬን መቃብር በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከቆፈሩት ጎረምሶች አብዛኞቹ ከሱብሂ ሶላት በቀጥታ የመጡ ነበሩ። ሲጨርሱም አልሄዱም። አፈሩ እስኪለብስ ከቄሶቹ ጋር ቆሙ። "አብሽሩ፣ አብሽሩ" እያሉ እስከ ቤታችን ሸኙን።

በአርባውም እንዲሁ ነበር። ማለዳ በቤተ ክርስቲያን ጸሎተ ፍትሐቱ ደረሰ፣ ከዚያ ሰው ወደ ቤት መጣ። የሙስሊም እንግዶቻችንን በግ ሙስሊም ጎረቤታችን በራሱ ቢላ አረደ። ሥጋው በሌላ ድስት፣ በሌላ ጭልፋ፣ በሌላ ምድጃ ተሠራ። ይህን ማንም አላዘዘም። ሴቶቹ ለዓመታት ከእምዬ ጋር ሲሠሩት የኖሩት ስለሆነ የትኛው ድስት የማን እንደሆነ ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ዱቄት ያመጣችሁ፣ ጠላ የጠመቃችሁ፣ ብርዝ ያዘጋጃችሁ፣ ሌሊቱን እንጀራ ስትጋግሩ ያነጋችሁ እናቶችና እህቶች፣ ድካማችሁን አንረሳውም።

ከአርባው በኋላ ብዙ ሰው ስለ ግጥሙ ጠየቀን። ከምግብ በኋላ፣ ካህናቱና ሼሁ ሳይመርቁ በፊት የተነበበችው ግጥም ማለት ነው። "ላኩልን" ያላችሁን ብዙ ናችሁ። እነሆ እዚህ አስፍረናታል። ግን ግጥሟ የአንድ ሰው ሥራ አይደለችም። እንዴት እንደተሠራች ሳንናገር ብንለጥፋት ምስጋናችን ጎዶሎ ይሆናል።

ዋናው ባለውለታችን በቀብሩ ዕለት ሙሾ ያወጡልን እናት ናቸው። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለጠየቁን አንጽፍም። እኚህ እናት ወደ ለቅሶ ቤት ሲመጡ ዝም ብለው አይጀምሩም። መጀመሪያ ከዘመድ አጠገብ ቁጭ ብለው ይጠይቃሉ። የት ተወለደች? ማንን ወለደች፣ ማንን ቀበረች? እጇ ምን ይሠራ ነበር? ማንን አስታረቀች? ከዚያ የሰሙትን ወደ ስንኝ ይለውጡታል። የሞተውን ሰው የማይመስል ስንኝ አያወጡም። በዚያ ዕለት ድንኳኑን በሙሉ ያስለቀሰው ስንኛቸው ይህ ነበር፦

እንግዳው ሞላልሽ ፣ ምነው መተኛትሽ
ሰው ጥሎ መተኛት ፣ መች ነበር ልማድሽ

እምዬን የሚያውቅ ሰው ይህን ሰምቶ እንዴት ይቻለው! እንግዳ ተቀምጦ እሷ ጋደም ስትል ያየ የለም።

ለአርባው የሚነበብ ግጥም ስንጽፍ ይህን ስንኝ ልናስገባው ነበር። እኚሁ እናት ናቸው "ተዉት" ያሉን። ምክንያታቸውን ሲያስረዱ፣ የቀብር ዕለት ሙሾ ሥራው ማስለቀስ ነው፤ በሰው ደረት ውስጥ የታፈነውን ማውጣት ነው። ለዚህ ነው ሟችን "ተነሽ" የሚለው፣ የሚወቅሰው፣ የቆሙትን ልጆች በየስማቸው እየጠራ የሚነካካው። በአርባው ግን ሰዉ ቁስሉ ጠገግ ማለት ጀምሯል። እሱን መልሶ መንካት ደግ አይደለም። ካህናቱም ሼሆቹም ከልክ ያለፈ ለቅሶን አይወዱም። ስለዚህ የአርባ ግጥም ሟችን አይወቅስም፣ የቆመውን ሰው በስም አይጠራም፣ "ዋይ" አይልም። የሠራችውን ሥራ በእርጋታ ይናገርና ያበቃል። ይህን ልዩነት ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።

ሁለተኛው ምክራቸው ስለ ደግነት ነበር። የመጀመሪያው ጽሑፋችን "ደግ ነበርሽ፣ ሩኅሩኅ ነበርሽ፣ እናት ነበርሽ" እያለ ይሄድ ነበር። አንብበንላቸው ስንጨርስ "ይህማ የማንም እናት ናት" አሉ። እውነታቸውን ነው። ስሙን ብንለውጥ ለየትኛዋም አያት ይሆናል። ከዚያ እንደ ለቅሶው ቀን እየጠየቁ አወጡልን። ደግ ስትሆን ምን ታደርግ ነበር? በ1977ቱ ድርቅ ምን አደረገች? ጠዋት የት ትቀመጥ ነበር? "ደግ" የሚለው ቃል ከግጥሙ ወጣ። በምትኩ የደጃፏ ድንጋይ፣ የቆረሰችው ቂጣ፣ የፈተለችው ጥጥ ገቡ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምትሞቅበትን ያን ድንጋይ የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ስለዚህ ግጥሙ በእሱ ጀመረ።

ስንኞቹን ልክ ያስገባልን ደግሞ የአክስታችን ልጅ ነው። አማርኛ ያስተምራል። ሙሾውም ሆነ ብዙው ዘፈናችን የሚሄድበት የወል ቤት የሚባለው ልክ አለ። አንድ መስመር አሥራ ሁለት ቀለም ይኖረዋል፤ ስድስት ላይ ትንፋሽ ይወሰዳል፣ ከዚያ ስድስት ይከተላል። ፊደል መቁጠር አይበቃም፤ ሳድሱ ፊደል አንዳንዴ ተውጦ ስለሚነበብ አፍ ላይ መሞከር አለበት። እሱም ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። ምላሱ የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ ቀለም በዝቷል ወይም ጎድሏል ማለት ነው። ለምሳሌ የቡናው ስንኝ መጀመሪያ "የደብሩም ጋራ" ብሎ ነበር የሚያልቀው። ሲነበብ አንድ ቀለም ይጎድለዋል፤ አንባቢው ሳይወድ ይቸኩላል። "ከደብሩ ሰው ጋራ" ሲባል ሞላ። በዚያውም "ሰው" የሚለው ቃል ገባ፤ እሱ ደግሞ ለእምዬ ቤት የሚስማማ ቃል ነው።

ርዝመቱ ላይ ተከራክረናል። ሁሉም ልጅ የራሱን ትዝታ ማስገባት ፈልጎ ነበር፤ ይህ ደግሞ የሚጠበቅ ነው። ሆኖም የአርባ ጉባኤ ላይ ሽማግሌዎች ከማለዳ ጀምሮ ቆመው፣ ተቀምጠው፣ ደክመው ነው የሚያዳምጡት። ሕፃናትም አሉ። በመጨረሻ አሥራ ሁለት መስመር ይበቃል ተባለ። በእርጋታ ሲነበብ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። የቀሩትን ትዝታዎች ማታ ቡና ላይ ተጫወትናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አስበንበታል። በዚያ ቤት የተቀመጠው ሰው ግማሹ "አሜን" የሚለው በመስቀል አማትቦ ነው፣ ግማሹ ሁለት እጁን ዘርግቶ። ግጥሙ ውስጥ ምርቃት ብናስገባ በአንዱ ወገን አባባል መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ ምርቃቱን ከግጥሙ አወጣነው። ግጥሙ ሥራዋን ብቻ ይናገር፣ ካህኑ "ነፍስ ይማር" ይበሉ፣ ሼሁ ዱዓቸውን ያድርጉ አልን። እንዲያው ሆነ። ሁለቱም አባቶች ለሰጡን ሐሳብና ለትዕግሥታቸው እናመሰግናለን።

ያነበበችው የእምዬ የልጅ ልጅ ናት። ታላቆቹ ልጆቿ እንዲያነቡ ተጠይቀው ነበር፣ ድምፃቸው እንደሚቆረጥ ስላወቁ ለእሷ ሰጡ። በትልቅ ፊደል በወረቀት ጻፍንላት፤ በየመስመሩ መካከል፣ ትንፋሽ በሚወሰድበት ቦታ ምልክት አደረግንላት። ግጥሟ ይህችው፦

እምዬ የደጃፍሽ ፣ ድንጋይ ሞቆ ሳለ
ማን ይቀመጥበት ፣ አንቺን የመሰለ

ቡናሽ ሦስቴ ፈልቶ ፣ ጎረቤት ተጠራ
የመስጊዱም መጣ ፣ ከደብሩ ሰው ጋራ

ሰባ ሰባት ገብቶ ፣ ጎታው ባዶ ሲቀር
አንዱን ቂጣ ቆርሰሽ ፣ አሳደርሽ መንደር

አንቺ የፈተልሽው ፣ ጋቢው ትከሻ ላይ
ክረምት ያሻግራል ፣ እስኪወጣ ፀሐይ

ቀብርሽን ቆፈረ ፣ ሶላት ያደረሰ
ከቄሱ ጋር ቆሞ ፣ እንባውን አበሰ

ጀበናሽን ዛሬ ፣ ልጅሽ ተቀበለች
ያንኑ ጎረቤት ፣ ኑ ጠጡልኝ አለች

የመጨረሻው ስንኝ እውነት እንዲሆን ታላቋ አክስታችን ቃል ገብታለች። ቤቱ አይዘጋም። የእምዬ ረከቦትና ስኒዎች ባሉበት ናቸው፤ ቡናውም እንደ ድሮው ይፈላል። በሰፈሩ የምታልፉ ሁሉ ጎራ በሉ። እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ለመዳችሁት ግቡ።

ግጥሟን ለራሳችሁ ሟች መጠቀም የምትፈልጉ ካላችሁ ደስ ይለናል። ግን ድንጋዩን፣ ጥጡንና ጎታውን አውጥታችሁ የእናንተዋን እናት ሥራ አስገቡበት። ያን ሥራ የሚያውቁ ጎረቤቶች አጠገባችሁ አሉ፤ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። የወል ቤቱ ልክ ካስቸገራችሁ የአክስታችን ልጅ ሊረዳችሁ ፈቃደኛ ነው።

በውጭ አገር ሆናችሁ ደውላችሁ ያጽናናችሁን፣ በሥራና በሕመም ምክንያት መምጣት አቅቷችሁ ቅር ያላችሁ፣ ቅር አይበላችሁ። ድምፃችሁ ደርሶናል። በስም ያላነሣናችሁ ብዙ ናችሁ፤ ብንጽፍ ስለማያልቅ ነው።

የቅሬው ድንኳንና አግዳሚ ታጥቦና ተቆጥሮ ተመልሷል። ከየቤቱ የመጡት ትሪዎች፣ ሞሰቦችና ድስቶች ግን አንዳንዶቹ አሁንም እኛ ዘንድ አሉ። ምልክታቸውን የምታውቁ መጥታችሁ ውሰዱ፣ ወይም ንገሩንና ልጆቹ ያደርሱላችኋል። የሙት ዓመቷን በዚያው ቤት እናስባለን። ቀኑ ሲቃረብ ጥሪው በቅሬው በኩል ይደርሳችኋል።